መጋጠሚያው የማይታይ ጥለት

የስጦታ መጠቅለያ ወረቀት ሲደርሳችሁ ከመቅደዳችሁ በፊት ከሥዕሎቹ አንዱን ምረጡና ጣታችሁን አሳርፉበት። ጣታችሁን በቀጥታ ወደ ቀኝ ጎትቱ፤ ያው ሥዕል፣ በዚያው መጠንና በዚያው ጎረቤት ታጅቦ፣ ዳግም ሲመጣ አቁሙ። የተጓዛችሁት ርቀት የጥለቱ ወርድ ነው። ወደ ታች ብትጎትቱ ደግሞ ቁመቱን ታገኛላችሁ። ያ ሁሉ ወረቀት በመሠረቱ የመዳፍ ያህል አንድ ካሬ ነው፤ ጎን ለጎን እየተደገመ የተነጠፈ። ሥራው ላይ ያለን ሰዎች «ታይል» እንለዋለን።

ታይል መሥራት ቀላል ይመስላል። እኔም ይመስለኝ ነበር። ቡና ቆልታ በሩብ ኪሎ ካርቶን የምትሸጥ አንዲት ወዳጄ አለችኝ፤ ምልክቷ ጀበና ነው። ለካርቶኑም ለስጦታ መጠቅለያውም የሚሆን አንድ ጥለት ሥራልኝ አለችኝና ሠራሁ። ታትሞ፣ ታጥፎ፣ ተለጥፎ ሲመጣ ካርቶኑን አዙራ አየችውና «ጀበናዬን ማን ሰነጠቀብኝ?» አለች። እውነቷን ነው። ሙጫው ባለበት ጠርዝ ላይ ግማሽ ጀበና ከግማሽ ስኒ ጋር ተጋብቶ ቆሟል።

ጥፋቱ የእኔ ነበር። ካርቶኑ መሠረቱ 8 በ8፣ ቁመቱ 16 ሴንቲ ሜትር ነው። አራቱ ጎኖች ሲደመሩ ዙሪያው 32 ይሆናል። እኔ ግን ለመቁጠር ስለሚቀል ብቻ ታይሉን 10 ሴንቲ ሜትር አድርጌው ነበር። ሦስት ታይል 30 ይሸፍናል፤ የቀረው 2 ሴንቲ ሜትር ላይ አራተኛው ታይል ይጀምርና ገና ሳይጨርስ ከመነሻው ጋር ይላተማል። ታይሉ 8 ቢሆን ኖሮ አራት ጊዜ ገብቶ መጨረሻው መነሻው ላይ ልክ ያርፍ ነበር። ቁመቱም ሁለት ታይል ይሆናል። ስለዚህ የታይሉ መጠን የሚወሰነው ሥዕል ሳይጀመር፣ ማስመሪያ ይዞ ካርቶኑን በመለካት ነው።

በሁለተኛው ዙር 8 በ8 ካሬ ይዤ ተቀመጥኩ። እዚህ ላይ ጀማሪ ሁሉ የሚሠራው ስህተት አለ፦ ሥዕሎቹ እንዳይቆረጡ ብሎ ሁሉንም ከጠርዙ ያርቃል። አንዱ ታይል ብቻውን ሲታይ ያምራል። ሲደጋገም ግን በየካሬው ዙሪያ የቀረው ባዶ ቦታ ተያይዞ እንደ መስኮት ፍርግርግ ብቅ ይላል። መጋጠሚያው የሚጠፋው ሥዕል ሲያርፍበት ነው።

ስለዚህ ዋናዋን ጀበና ሆን ብዬ ማዕዘኑ ላይ አስቀመጥኳት። በአራቱ ማዕዘን ሩብ ሩብ ጀበና ይታያል፤ አራት ታይሎች ሲገናኙ አንድ ሙሉ ጀበና ይሆናሉ። ሕጉ አንድ ነው፦ ከጠርዝ የወጣ ሥዕል ሁሉ ቅጂው ልክ አንድ ታይል ርቆ በሌላኛው ጠርዝ ይገባል። በእጅ መጎተት የለም፤ ቁጥሩ ይጻፋል። ኢለስትሬተር የሚጠቀም `Object > Pattern > Make` ሲል ፕሮግራሙ ቅጂውን ራሱ ያስቀምጥለታል። በኤስቪጂ የሚጽፍ ደግሞ በሚሊ ሜትር ቆጥሮ እንዲህ ያደርጋል፦

```
<pattern id="buna" width="80" height="80"
         patternUnits="userSpaceOnUse">
  <use href="#jebena" x="0"  y="0"/>
  <use href="#jebena" x="80" y="0"/>
  <use href="#jebena" x="0"  y="80"/>
  <use href="#jebena" x="80" y="80"/>
  <use href="#jebena" x="40" y="40"/>
</pattern>
```

የመጨረሻዋ፣ መሃል ላይ ያለችው፣ ጀበናዎቹ እንደ ሰልፍ አንዱ ባንዱ ሥር እንዳይደረደሩ ታደርጋለች። ስኒዎቹ በየጠርዙ መካከል ገቡ። በቀሩት አራት ክፍት ቦታዎች ደግሞ አንዳንድ የቡና ፍሬ ጣል አደረግሁ።

አሁን ክፍተቱ ይለካል። ጀበናዋ 2.4 ሴንቲ ሜትር፣ ስኒው 2፣ ፍሬው 1 ናቸው። ጀበናና ስኒ ከመሃል እስከ መሃል 4 ሴንቲ ሜትር ይራራቃሉ፤ የሁለቱ ግማሽ ግማሽ ሲቀነስ 1.8 ባዶ ቦታ ይተርፋል። ከፍሬ እስከ ጀበና 1.1፣ ከፍሬ እስከ ስኒ 1.3 ገደማ ነው። እኔ የምከተለው ልክ ሰፊው ክፍተት የጠባቡን እጥፍ እንዳይደርስ ነው። ከደረሰ ዓይን ሥዕሉን ትቶ ባዶውን ማየት ይጀምራል፤ ባዶውም በየታይሉ ስለሚደገም ነጭ መንገድ ይሆናል። የእኔ ክፍተቶች ልክ ነበሩ፤ ፍሬዎቹ ግን ሁሉም ወደ አንድ ጎን አዘንብለው ስለነበር ወረቀቱን የሚያቋርጥ መስመር ሠሩ። እያንዳንዱን ለየብቻ አዙሬ ሁለት ሦስት ሚሊ ሜትር ሳንቀሳቅስ መስመሩ ጠፋ። እንዲህ ያለ መስመር ኮምፒውተር ላይ በቀላሉ አይታይም። ሦስት በሦስት ታይል ኤ3 ወረቀት ላይ አትሞ ግድግዳ ላይ መለጠፍ፣ ጥቂት እርምጃ ወደ ኋላ ማለትና ዓይንን ጨፈን አድርጎ ማየት ነው።

ካርቶኑ ላይ ግን አንድ ችግር ቀረ። ታይሉና የካርቶኑ ጎን እኩል ስለሆኑ፣ ጥለቱ ከጠርዝ ሲጀምር የማዕዘኗ ጀበና እያንዳንዱ እጥፋት ላይ አርፋ ለሁለት ትታጠፋለች። መፍትሔው ታይሉን መቀየር ሳይሆን መነሻውን ወደ ጎንም ወደ ታችም 2 ሴንቲ ሜትር መግፋት ነው። ያኔ እጥፋቱ ላይ የሚወድቁት ፍሬዎቹ ናቸው፤ ጀበናና ስኒ ሙሉ ለሙሉ ጎኑ ላይ ይቀራሉ። የታጠፈ ፍሬ ማንም አይቆጥረውም። ጥለቱ በሙጫው ምላስ ላይም ይቀጥላል፤ በሚቆረጠው ጠርዝ ላይ ደግሞ 3 ሚሊ ሜትር ትርፍ ይሰጠዋል።

ለመጠቅለያው ወረቀት የመሃሏን ጀበና ገለበጥኳት። ወረቀት ዕቃን ዞሮ ስለሚሸፍን በአንዱ ጎን የቆመው በሌላኛው ይዘቀዘቃል፤ ግማሾቹ ከመነሻው ከተገለበጡ ግን ተዘቀዘቀ የሚባል ጎን አይኖርም። ካርቶኑ ላይ ሁሉም ቀጥ ብለው ይቆማሉ። 50 በ70 የሆነው ወረቀት በ8 እኩል አይካፈልም፤ ጠርዙ ግን ውስጥ ስለሚታጠፍ ምንም አይደለም።

ብዙ ሰው የሚደነግጥበት ነገር ደግሞ ቀጭኗ ነጭ መስመር ናት። ፋይሉን ሲከፍቱት በታይሎቹ መካከል ፀጉር የመሰለች መስመር ትታያለች። አጉሉት። እንደ ፀጉር ቀጥና ከቀረች የስክሪኑ አሳሳል ናት፤ አብዛኛውን ጊዜ ወረቀት ላይ አትወጣም። አብራ ከሰፋች እውነተኛ ክፍተት ናት። ታይሉ በፒክስል ሲወጣ ክፍተቱ ብዙ ጊዜ የሚመጣው ከቁጥር ነው፦ 8 ሴንቲ ሜትር በ300 ጥራት 944.88 ፒክስል ይሆናል፤ ያ ያልሞላ ፒክስል በጠርዙ ላይ ደብዛዛ መስመር ሆኖ ይቀራል። በ254 ጥራት ግን አንድ ሚሊ ሜትር ልክ 10 ፒክስል ስለሆነ ታይሉ 800 ይሆንና ነገሩ ያበቃል።

ወዳጄ አሁን መጠቅለያውን በጥቅል ልታሳትም አስባለች። ጥቅል የሚታተመው በሚዞር ሲሊንደር ስለሆነ ዙሪያው በታይሉ ካልተካፈለ በየዙሩ አንድ የተሰነጠቀ ጀበና ይመጣል። ሲሊንደሩ 48 ሴንቲ ሜትር ከሆነ ስድስት ታይል ይገባል። 50 ከሆነ ግን ታይሉ ወደ 8.33 መለጠጥ አለበት፤ ያ ደግሞ ለካርቶኑ አይሆንም። ስለዚህ ዋጋ ልትጠይቅ ስትሄድ የሲሊንደሩን ዙሪያ መጀመሪያ ጠይቂ ብዬ፣ በወረቀት ጽፌ ሰጥቻታለሁ።