«እማዬ፣ መጀመሪያ ስልኩን ዝጊው»

ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር፣ በነሐሴ 2015 ዓ.ም. ደግሞ ኤም-ፔሳ ሲከተል፣ ብር ለመላክና ለመቀበል ባንክ ቤት መሰለፍ የግድ መሆኑ ቀረ። ዕድሜያቸው የገፋ እናቶችም የዕድር መዋጮውን፣ የቤት ኪራዩን፣ ከልጅ የሚላከውን ተቆራጭ በእጅ ስልካቸው ማንቀሳቀስ ለመዱ። ሌባውም አብሮ መንገዱን ቀየረ። ድሮ ገበያ መሃል ተጋፍቶ መቀነት መፍታት ነበረበት። አሁን ካለበት ሆኖ ይደውልና ባለቤቷ በገዛ እጇ እንድትልክለት ያደርጋል።

ልጆች ለእናቶቻቸው የሚሰጡት የተለመደ ምክር «የማታውቂው ቁጥር ሲደውል አታንሺ» የሚል ነው። ምክሩ ቅን ነው፤ ግን አይሠራም። ጅዳ ወይም ቤይሩት ያለች ልጅ በኢንተርኔት ካርድ ስትደውል በየጊዜው የተለየ ቁጥር ይመጣል። የዕድሩ ጸሐፊ ስልኩ ጠፍቶበት በሰው ስልክ ሊደውል ይችላል። እናት ስልክ ማንሳቷ አይቀርም። ስለዚህ ለእርሷ የሚላከው መልእክት ማን እንደደወለ ሳይሆን የደወለው ሰው ምን እንደጠየቀ እንድታዳምጥ ማድረግ አለበት። ደዋዩ አንድ ቀን የቴሌ ሠራተኛ፣ ሌላ ቀን የባንክ ባለሙያ፣ ሲያሻው ደግሞ ሐኪም ወይም ፖሊስ ነኝ ይላል። የሚጠይቀው ነገር ግን ያው ነው።

ብዙ ሰው የሚሸነፍበት «በስህተት ብር ልኬብዎታለሁ» የሚለው ነው። አካሄዱ እንዲህ ነው። ጠዋት አንድ እናት ስልካቸው ላይ መልእክት ይገባል። 4,500 ብር በቴሌብር እንደተላከላቸው ይናገራል፤ አጻጻፉም ከዚህ በፊት ከሚያውቁት አይለይም። ሁለት ደቂቃ ሳይሞላ ስልኩ ይጠራል። ትንፋሽ ያጠረው ጎልማሳ ድምፅ፦ «እናቴ፣ በእመብርሃን ይዤዎታለሁ፣ አንድ ቁጥር ተሳስቼ ብሩ ወደ እርስዎ ገባ። ልጄ ሆስፒታል ተኝታለች፣ የመድኃኒት ነው። እባክዎ አሁኑኑ ይመልሱልኝ።» እናት የሰው ገንዘብ አይፈልጉም። የተቀበሉ መስሏቸው 4,500 ብር ይልካሉ። የላኩት ግን ከራሳቸው ተቀማጭ ነው፤ ከሰውዬው የገባ አንድም ብር አልነበረም። ወዲያው ቀሪ ሒሳባቸው 6,200 የነበረው 1,700 ሆኖ ያገኙታል።

ማታለያው ያረፈው በመልእክቱ ላይ ነው። ሐሰተኛው መልእክት ሰውዬው ራሱ ጽፎ እንደማንኛውም የሰላምታ ቴክስት የላከው ነው። የቴሌብር እውነተኛ መልእክት ሲገባ ከላይ የላኪው ስም በሚታይበት ቦታ 127 ይላል። የሐሰተኛው አናት ላይ ግን ብዙ ጊዜ በ09 ወይም በ07 የሚጀምር ተራ የሞባይል ቁጥር ተቀምጧል። ማንበብ የማይችሉ እናትም ቢሆኑ አጭሯን 127 ከረጅሙ ቁጥር በዓይን ሊለዩ ይችላሉ። ይሁንና የላኪን ስም አስመስሎ መላክም ስለሚቻል ይህ ብቻውን አይበቃም። ቁርጡን የሚያሳውቀው ቀሪ ሒሳቡ ነው። ስልኩን ዘግቶ፣ *127# ደውሎ ወይም የቴሌብር መተግበሪያውን ከፍቶ ሒሳብ ማየት ነው። ትናንት ማታ 6,200 የነበረው ዛሬም 6,200 ከሆነ የገባ ብር የለም።

ብሩ በእርግጥ ገብቶ ቢገኝስ? ያን ጊዜም በራስ እጅ መልሶ መላክ አይገባም። ያ ብር ከሌላ ሰው ሒሳብ የተሰረቀ ሊሆን ይችላል፤ ሌባው በእኚህ እናት በኩል አሳልፎ ወደ ሌላ ቁጥር ማውጣት ፈልጎ ይሆናል። በእውነት የተሳሳተ ሰው የሚሄድበት ደንበኛ መንገድ አለው። ብሩን ለላከበት ድርጅት ያመለክታል፤ ድርጅቱ መዝገቡን አይቶ ባለቤቱን ያነጋግራል። እናት ማለት ያለባቸው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ «ለድርጅቱ ያመልክቱ፣ እኔ ብሩን አልነካውም።» እውነተኛው ሰው ይህን ሲሰማ ቅር ቢለውም ይሄዳል። አጭበርባሪው ግን ይቆጣል፣ ይራገማል፣ በፖሊስ ያስፈራራል፣ ደጋግሞ ይደውላል።

ሁለተኛው ዓይነት ደዋይ ብር አይጠይቅም፤ ለዚህም ነው እናቶች የማይጠረጥሩት። «ሲም ካርድዎ ሊዘጋ ስለሆነ እያደስንልዎ ነው። አሁን በስልክዎ የገባውን ቁጥር ያንብቡልኝ» ይላል። ቁጥሩ በእርግጥም ገብቷል። የገባው ግን ሰውዬው በራሱ ስልክ ላይ የእናትን ቁጥር አስገብቶ ቴሌብርን፣ ቴሌግራምን ወይም ኢሞን ለመክፈት ስለሞከረ ነው። ድርጅቱ «ባለቤቱ አንተ ነህ?» ብሎ የሚያጣራው ያንን ቁጥር ወደ ባለቤቷ ስልክ በመላክ ነው። እናት ሲያነቡለት ቁልፉን ሰጡት ማለት ነው። በቴሌብር ከሆነ የሚስጥር ቁጥራቸውንም አስከትሎ ይጠይቃል፤ ሁለቱን ካገኘ ሒሳቡ በእጁ ነው። በኢሞ ከሆነ ደግሞ ጉዳቱ ወደ ልጆች ይሻገራል። ሪያድ ያለችው ልጅ ከእናቷ ኢሞ ላይ «ታምሜአለሁ፣ በዚህ ቁጥር ቶሎ ብር ላኪልኝ» የሚል መልእክት ይደርሳታል፤ የእናቷ ፎቶም ከጎኑ አለ።

ቁጥሩን ይዞ የሚመጣው መልእክት «ለማንም አይስጡ» የሚል ማስጠንቀቂያ አብዛኛውን ጊዜ አያጣም። ግን ብዙ ጊዜ የሚጻፈው በእንግሊዝኛ ነው፤ በአማርኛ ቢሆንም መነጽር ላጣች እናት ዋጋ የለውም። ማስጠንቀቂያውን በጆሮዋ ማድረስ ያለበት ልጇ ነው።

የዚሁ ዘመድ የሆነ ሌላ ተንኮልም አለ። ደዋዩ «ኔትወርክ እንዲስተካከልልዎ ኮከብ፣ 21፣ ኮከብ ብለው ይህን ቁጥር ይጻፉ፣ መጨረሻ ላይ መሰላል ነክተው ይደውሉ» ይላል። *21* ጥሪን ወደ ሌላ ስልክ የማዞሪያ ትእዛዝ ነው። ከዚያ በኋላ ለእናት የሚደወለው ሁሉ ሌባው ስልክ ላይ ይጠራል፤ አንዳንድ መተግበሪያዎች የማረጋገጫ ቁጥሩን በድምፅ ጥሪ ስለሚናገሩ እሱንም ይሰማል። እንዲህ ያለ ነገር ተደርጎ ከሆነ ##21# መደወል ጥሪውን ወደ ቦታው ይመልሰዋል።

ሦስተኛው በልጅ ስም የሚመጣው ነው። መስመሩ ይንሻጠጣል፣ ድምፁ በለቅሶ የታፈነ ነው። «እማዬ፣ እኔ ነኝ፣ አላወቅሽኝም?» ይላል። እናት ደንግጠው የአንዱን ልጃቸውን ስም ይጠራሉ። ደዋዩ ስሙን የሰማው ያኔ ነው፤ ከዚያ በኋላ ያ ልጅ ሆኖ ይናገራል። መኪና ገጭቷል፣ ታስሯል፣ የሚያስፈታው ሰው አጠገቡ ቆሞ ብር እየጠበቀ ነው። «ለአባቴ እንዳትነግሪ፣ ስልኩንም እንዳትዘጊ» ማለቱን አይረሳም። ካልተዘጋ እናት ወደ እውነተኛው ልጅ መደወል አይችሉም።

እነዚህን ሁሉ ለአንዲት እናት መዘርዘር አያስፈልግም፤ ይደበላለቅባታል። መልእክቱ አጭር፣ በልጅ ድምፅ የተቀዳ፣ ደጋግማ ልትሰማው የምትችል ቢሆን ይመረጣል። ለምሳሌ እንዲህ፦

«እማዬ፣ እንደምን ዋልሽ? ስለ ስልክ አንድ ነገር ልንገርሽ። ሰው ደውሎ ከሦስት ነገር አንዱን ከጠየቀሽ ሌባ ነው ብለሽ ዝጊበት። አንደኛ፣ ብር ላኪ ወይም መልሺ ካለሽ። ሁለተኛ፣ ስልክሽ ላይ የገባ ቁጥር አንብቢልኝ፣ ወይም ኮከብና መሰላል ያለበት ነገር ነካኪ ካለሽ። ሦስተኛ፣ ለልጆችሽ አትንገሪ፣ ስልኩን አትዝጊ ካለሽ። መዝጋት ነውር አይደለም። ስሙን አታጣሪ፣ አትከራከሪው። ከዘጋሽ በኋላ በምታውቂው ቁጥሬ ደውዪልኝ። እኔ ካላነሳሁ ለእህቴ ደውዪ። እኔ ነኝ ብሎ የሚያለቅስ ሰው ከመጣብሽ ደግሞ የማንንም ስም አትጥሪ። ‹ሕፃን ሳለህ አያትህ ምን ብላ ትጠራህ ነበር?› በይው። እኔ ብሆን አውቀዋለሁ። የሚስጥር ቁጥርሽን እኔም ብጠይቅሽ አትንገሪኝ። ከተታለልሽም አልቆጣሽም፣ ግን ወዲያው ንገሪኝ።»

የመጨረሻው ዓረፍተ ነገር ለእንክብካቤ ብቻ የገባ አይደለም። የተላከ ብር በደቂቃዎች ውስጥ ወኪል ጋ ሄዶ በጥሬው ሊወጣ ይችላል። እናት አፍረው እስከ ማታ ዝም ካሉ ሊታገድ የሚችለው ገንዘብ አምልጧል። ወዲያው ከተነገረ ግን ድርጅቱ የተቀባዩን ሒሳብ የማገድ ዕድል አለው፤ ብሩ ከወጣ በኋላ መመለሱ ዋስትና የለውም። ለቴሌብር 127፣ ለኢትዮ ቴሌኮም 994፣ ለኢትዮጵያ ንግድ ባንክ 951 ይደወላል። ሚስጥር ቁጥሩ ለሌላ ከተነገረ በዚያው ቅጽበት መቀየር አለበት።

መልእክቶቹን ማጥፋትም ስህተት ነው። ሐሰተኛው ቴክስት፣ የደወለው ቁጥርና ሰዓቱ፣ ብሩ ሲላክ የመጣው ደረሰኝ ከነግብይት ቁጥሩ ለፖሊስ የሚቀርብ ማስረጃ ነው። በኮምፒውተር አማካይነት የሚፈጸም ማጭበርበር በኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 የሚያስቀጣ ወንጀል ነው፤ ሲም ካርዱ በማን ስም እንደተመዘገበ ማጣራት የሚቻለውም አቤቱታ ሲቀርብ ነው።

ዕጣ ደርሶዎታል፣ ከውጭ ዕቃ ተልኮልዎት ጉምሩክ ይዞታል፣ እርዳታ ለመመዝገብ ክፈሉ የሚሉትን በተናጠል ማስረዳት አይጠበቅም። ሁሉም መጨረሻቸው ብር ላኪ ነውና በመጀመሪያው ሕግ ይያዛሉ።

እናቱ ስልክ የምትይዝ አንባቢ ዛሬውኑ ይህን የድምፅ መልእክት በራሱ አነጋገር ቀድቶ ይላክላት። አብሯት የሚኖር ሰው ካለ ደግሞ 127፣ 994 እና 951ን ከሁለት ልጆቿ ስልክ ጋር በትልልቁ ጽፎ ስልኳን ቻርጅ የምታደርግበት ቦታ ግድግዳ ላይ ይለጥፍላት።