ጓደኛዬ የተደረበው የት ነበር?

ዛሬ የማቀርብላችሁ ጽሑፍ ስለ ሩጫና ስለ ሒሳብ ነው። ሒሳብ ሲባል ገጹን እንዳትገልጡት፤ ነገሩ የመጣው ከደብተር ሳይሆን ከሜዳችን ነው። በእኔ የሒሳብ ስህተት ምክንያት አንድ ጓደኛዬ ሩጫውን ሳይጨርስ ቆሟል። ስሙን እንዳልጽፍ ስለለመነኝ «ጓደኛዬ» እያልኩ እቀጥላለሁ።

መጀመሪያ አንድ ቃል ላይ እንግባባ። በክብ ሜዳ ላይ ፈጣኑ ሯጭ ዞሮ መጥቶ ዝግ ያለውን ከኋላው ደርሶ ሲያልፈው «ደረበው» ይባላል። የተደረበው ልጅ ከፈጣኑ አንድ ሙሉ ዙር ወደ ኋላ ቀርቷል ማለት ነው። ጎን ለጎን ሲሮጡ ብታዩአቸውም እኩል አይደሉም።

በስፖርት ቀን የ8 ዙር ሩጫ ነበረን። በኖራ የተሰመረው የሜዳችን ዙሪያ 210 ሜትር ነው። ከስፖርት መምህራችን ጋር በ10 ሜትር ገመድ ስንለካው ልክ 21 ገመድ ሆኗል። የዙር ቆጣሪነቱ ሥራ ለሚኒ ሚዲያ ክበብ ስለተሰጠ እኔ የጓደኛዬን ዙር እንድቆጥር ተመደብኩ። በልምምድ ጊዜ በስቶፕ ዎች ይዘናቸው ነበር። አንደኛ ይወጣል የተባለው የ8ኛ ክፍል ልጅ አንዱን ዙር በ60 ሰከንድ ይጨርሳል፤ ጓደኛዬ ደግሞ በ84 ሰከንድ።

እኔ ያው ጎበዝ ልሁን ብዬ ጓደኛዬ መቼ እንደሚደረብ ቀድሜ አሰላሁ። ትንሹን የጋራ ብዜት ተምረናል አይደል? የ60 እና የ84 ትንሹ የጋራ ብዜት 420 ነው። ስለዚህ «በ420 ሰከንድ፣ ማለትም በ7 ደቂቃ፣ መነሻው መስመር ላይ ይደረባል፤ ከዚያ በፊት አይደረብም» ብዬ ወረቀቴ ላይ ጻፍኩ። የመሪው ዙር ጮክ ተብሎ ይነገር ስለነበር የጓደኛዬን ቁጥር ከእሱ እያየሁ እሞላለሁ አልኩ። ካልተደረበ ቁጥሩ ከመሪው ጋር አንድ ነው፤ ከተደረበ አንድ እቀንሳለሁ። በቃ!

ሩጫው ተጀመረ። ሁለቱም እንደ ልምምዳቸው ነበር የሮጡት ማለት ይቻላል። ጓደኛዬ መስመሩን ሲያልፍ 1 ጻፍኩ፤ ቀጥሎ 2 ጻፍኩ። ከዚያ መሪው 3ኛ ዙሩን ጨርሶ ሄደ፤ ጓደኛዬ ግን ሳይመጣ መሪው ድጋሚ መጣና «አራት!» ተባለ። ከ12 ሰከንድ በኋላ ጓደኛዬ ደረሰ። እኔም 4 ብዬ ጻፍኩ። 3 የሚል ቁጥር ወረቀቴ ላይ የለም! ሰው ስለሚገፋፋ ሳላየው ያለፈ መሰለኝና ዝም አልኩ። በ7 ደቂቃ አካባቢ ሁለቱም መስመሩ ላይ አንድ ላይ ሲደርሱ ደግሞ «ይኸው፣ እንዳልኩት ተደረበ» ብዬ ደስ አለኝ። መሪው 7 ስለሆነ ለጓደኛዬ 6 ጻፍኩለት። በመጨረሻም «ጨርሰሃል፣ ቁም!» ብዬ ጮህኩ። እሱም ቆመ።

ዳኛ የነበሩት መምህር ግን እያንዳንዱ ሯጭ መስመሩን ያለፈበትን ሰዓት ይዘው ኖሮ «ይሄ ልጅ የሮጠው 7 ዙር ነው» አሉ። አንድ ዙር ጎደለው፤ ውጤቱም አልተያዘለትም። ጓደኛዬ እያለከለከ «አንተ አይደለህ ቁም ያልከኝ?» ሲለኝ መልስ አልነበረኝም።

ቤት ገብቼ እንደገና አሰብኩ። ጥፋቱ ብዜቱን በማግኘቱ ላይ አልነበረም፤ የ60 እና የ84 ትንሹ የጋራ ብዜት በእውነት 420 ነው። ጥፋቱ ሌላ ጥያቄ መመለሴ ነው። ትንሹ የጋራ ብዜት የሚነግረን ሁለቱ ሯጮች መነሻው መስመር ላይ አብረው የሚገኙበትን ጊዜ ነው። መደረብ ግን መስመር አይመርጥም። ሜዳው ላይ የትም ቦታ ሊሆን ይችላል።

ታዲያ ትክክለኛው አሠራር የቱ ነው? መስመሩን እንርሳውና በሁለቱ መካከል ያለውን ርቀት ብቻ እንይ። 210 ሜትር በ60 ሰከንድ ማለት መሪው በሰከንድ 3.5 ሜትር ይሮጣል ማለት ነው። ጓደኛዬ 210 ሜትሩን በ84 ሰከንድ ስለሚጨርስ በሰከንድ 2.5 ሜትር ይሮጣል። ልዩነታቸው 1 ሜትር ነው። ስለዚህ በእያንዳንዱ ሰከንድ መሪው ከጓደኛዬ አንድ ሜትር ይርቃል። ሜዳው ክብ ስለሆነ ግን ከፊቱ እየራቀ የሄደው ልጅ ከኋላው እየቀረበ ነው። በመካከላቸው ያለው ርቀት አንድ ሙሉ ዙር፣ ማለትም 210 ሜትር ሲሞላ ይደርስበታል። በሰከንድ አንድ አንድ ሜትር እየተጨመረ 210 ሜትር ለመሙላት 210 ሰከንድ ይፈጃል። ይህም 3 ደቂቃ ከ30 ሰከንድ ነው።

በአጭሩ፦ የዙሩን ርዝመት ለፍጥነታቸው ልዩነት ማካፈል ነው።

210 ÷ (3.5 − 2.5) = 210 ሰከንድ

የት ቦታ? በ210 ሰከንድ ውስጥ መሪው 210 × 3.5 = 735 ሜትር ሮጧል፤ ይህ ሦስት ዙር ተኩል ነው። ጓደኛዬ 210 × 2.5 = 525 ሜትር ሮጧል፤ ይህ ሁለት ዙር ተኩል ነው። ልዩነታቸው ልክ አንድ ዙር ሆነ። ሁለቱም «ተኩል» ላይ ስለሆኑ የተገናኙት ከመነሻው መስመር ትይዩ፣ ከሜዳው ማዶ ዋርካው ሥር ነው። እኔ ደግሞ ዓይኔን መስመሩ ላይ ተክዬ ስለነበር አላየሁትም። በኋላ ዋርካው ሥር የተቀመጡትን ልጆች ስጠይቃቸው «እንዴ! እዚሁ ፊታችን አይደል እንዴ ያለፈው?» አሉኝ።

የሜዳው ርዝመት ባይታወቅስ? ሰዓቱ ብቻ ይበቃል። ጓደኛዬ አንድ ዙር በሚጨርስበት 84 ሰከንድ ውስጥ መሪው 84 ÷ 60 = 1.4 ዙር ይሮጣል። ስለዚህ ጓደኛዬ በራሱ አንድ ዙር 0.4 ዙር ወደ ኋላ ይቀራል። አንድ ሙሉ ዙር ለመቅረት 1 ÷ 0.4 = 2.5 ዙር መሮጥ አለበት። 2.5 × 84 = 210 ሰከንድ። ያው መልስ መጣ፤ ሒሳቡ መመሳከሩ ደስ ይላል።

አሁን ወደ 420 እንመለስ። በ420 ሰከንድ መሪው 7 ዙር፣ ጓደኛዬ 5 ዙር ጨርሰዋል። ልዩነቱ 2 ነው። ማለትም እኔ «የመጀመሪያው» ያልኩት ሁለተኛው መደረብ ነበር! ለዚህ ነው 5 መጻፍ ሲገባኝ 6 የጻፍኩት። ትንሹ የጋራ ብዜት ትክክል የሚመጣው በዚያ ጊዜ የዙራቸው ልዩነት 1 ከሆነ ብቻ ነው። ለምሳሌ አንዱ በ60፣ ሌላው በ75 ሰከንድ ቢዞሩ ብዜቱ 300 ነው፤ አንዱ 5፣ ሌላው 4 ዙር ይሆናሉ። እዚህ ላይ መልሱ ልክ ይመጣል። እኔም ደብተሬ ላይ የሠራሁት እንዲህ ያለውን ብቻ ስለነበር ሁልጊዜ የሚሠራ መስሎኝ ነው። ስለዚህ በብዜት የሠራ ሰው የዙሮቹን ልዩነት ማየት አለበት። ልዩነቱ 2 ከሆነ ብዜቱን ለ2 ማካፈል፣ 3 ከሆነ ለ3 ማካፈል ነው። 420 ÷ 2 = 210።

አንድ ነገር ግን ልብ በሉ። ይህ ሁሉ የሚሠራው ሯጮቹ ፍጥነታቸውን ካልቀየሩ ነው። ሰው ደግሞ ይደክመዋል። ጓደኛዬ 3 ደቂቃ ላይ ደክሞት በሰከንድ 2 ሜትር ብቻ መሮጥ ቢጀምርስ? ያኔ በ180 ሰከንድ መሪው 180 ሜትር ርቆታል፤ ዙሩ እስኪሞላ 30 ሜትር ይቀራል። ከዚያ በኋላ ልዩነቱ 3.5 − 2 = 1.5 ሜትር ስለሚሆን 30 ÷ 1.5 = 20 ሰከንድ ይበቃል። በ210 ፋንታ በ200 ሰከንድ ይደረባል ማለት ነው። ፍጥነቱ ሲቀየር ሒሳቡን ቆራርጦ መሥራት ነው፤ የሚፈለገው ግን ያው ነው፣ ልዩነቱ አንድ ዙር የሚሞላበት ጊዜ።

በትልልቅ ውድድሮችም እንዲሁ ነው። አልማዝ አያና በ2016 እ.ኤ.አ. በሪዮ ኦሎምፒክ 10,000 ሜትሩን በ29 ደቂቃ ከ17.45 ሰከንድ በመጨረስ የዓለም ክብረ ወሰን ሰብራ ወርቅ አግኝታለች። 10,000 ሜትር በ400 ሜትር መም ላይ 25 ዙር ነው። አንዱን ዙር በአማካይ በ70.3 ሰከንድ ገደማ ሮጣለች። አልማዝ 25ቱን ስትጨርስ ልክ 24 ዙር የጨረሰች ሯጭ ብትኖር በአማካይ በ73.2 ሰከንድ ገደማ የምትዞር ናት። አያችሁ? በየዙሩ የ3 ሰከንድ ልዩነት ብቻ ነው፤ ግን ሲጠራቀም አንድ ሙሉ ዙር ይሆናል። ከዚያ የባሰ ዝግ ያለች ሯጭ ከአልማዝ መጨረስ በፊት ተደርባለች ማለት ነው።

አሁን ዙር ስቆጥር የመሪውን ቁጥር አላይም። የራሴ ሯጭ መስመሩን ባለፈ ቁጥር አንድ ጭረት አደርግና አጠገቡ ሰዓቱን እጽፋለሁ። የዚያን ቀን ሰዓት ብጽፍ ኖሮ በ168 እና በ252 ሰከንድ መካከል 84 ሰከንድ እንዳለ፣ ማለትም አንድ ዙር ብቻ እንደሆነ ወዲያው አየው ነበር። የጠፋችው 3 አልጠፋችም፤ ጓደኛዬ ማዶ እንደተደረበ እየነገረችኝ ነበር።

ጓደኛዬ ይህንን ጽሑፍ ከማንም በፊት አንብቦታል። «ሒሳቡ ገብቶኛል፤ ዙሬን ግን መልስልኝ» ብሎኛል። በሚቀጥለው ሩጫ የእሱን ዙር የምቆጥረው እኔ ነኝ፤ መምህራችን ፈቅደውልኛል።

ጥያቄ ለእናንተ፦ በዚሁ በ210 ሜትሩ ሜዳችን አንዱ በ60፣ ሌላዋ በ70 ሰከንድ ይዞራሉ። ፈጣኑ 8 ዙር ከመጨረሱ በፊት ይደርባታል? ከደረባትስ ዋርካው ሥር ነው ወይስ መነሻው መስመር ላይ? መልሳችሁን ከነአሠራሩ ጽፋችሁ ለሚኒ ሚዲያ ክበብ አምጡ። ብዜት ብቻ ጽፎ የመጣ አይታረምለትም!