ዜሮና ሰረዝ በዕድገት ሠንጠረዥ

የበጀት ዓመቱ በሰኔ ተፈጽሞ ሐምሌ ሲጠባ መሥሪያ ቤቶች የሚያወጡት ሠንጠረዥ፣ በመጨረሻው ዐምድ የዕድገቱን መቶኛ ይዞ ይቀርባል። ስሌቱ የታወቀ ነው፤ ከዘንድሮው ቁጥር የአምናው ይቀነሳል፣ ልዩነቱም ለአምናው ተካፍሎ በመቶ ይባዛል። ነገር ግን አካፋዩ የአምናው ቁጥር ስለ ሆነ፣ እርሱ ዜሮ በሆነ ጊዜ ስሌቱ መልስ ያጣል፤ ለዜሮ ማካፈል በሒሳብ ሕግ ፍቺ የለውምና።

ለዚህ አብነት የሚሆነን ከወላይታ ሶዶ ተነሥቶ ኬንያ ውስጥ ሱስዋ የሚደርሰው፣ ከ1,000 ኪሎ ሜትር በላይ የሚረዝመው የ500 ኪሎ ቮልት መሥመር ነው። በዚህ መሥመር የኤሌክትሪክ ሽያጭ የተጀመረው በኅዳር 2015 ዓ.ም. ስለ ሆነ፣ በ2014 የበጀት ዓመት ከእርሱ የተገኘው ገቢ ዜሮ ነበረ፤ ይህም ያልተመዘገበ ሳይሆን በርግጥ የታወቀ ዜሮ ነው። የ2015ን ዕድገት «100 በመቶ» ብሎ የሚጽፍ ጸሐፊ ቢኖር አንባቢውን ያስታል፤ 100 በመቶ አደገ ማለት እጥፍ ሆነ ማለት ሲሆን፣ የዜሮ እጥፍ ደግሞ ያው ዜሮ ነውና። ርቱዕ የሚሆነው በመቶኛው ስፍራ ሰረዝ አኑሮ፣ ጭማሪውን በራሱ መለኪያ፣ ማለት በዶላር ወይም በሜጋዋት ሰዓት፣ ከጎኑ መግለጥ ነው። ወደ ኬንያዪቱ ሞያሌ ቀድሞም ጥቂት ኃይል ይሄድ ስለ ነበር፣ ረድፉ በመሥመሩ ስም ሳይሆን «ኬንያ» ተብሎ ቢጻፍ መሠረቱ ዜሮ መሆኑ ቀርቶ ኢምንት ይሆናል፤ ያን ጊዜ ስሌቱ መልስ ይሰጣል፣ የሚሰጠው መልስ ግን ከገቢው ትልቅነት ይልቅ የመነሻውን ማነስ የሚናገር ግዙፍ መቶኛ ነው።

በተከታዩ ዓመት ደግሞ መሠረቱ ዜሮ ባይሆንም ጎደሎ ነው። ከኅዳር እስከ ሰኔ ያለው ስምንት ወር ነውና፣ ለማስረዳት ያህል በየወሩ 2 ሚሊዮን ዶላር ገባ ብንል፣ የ2015 ገቢ 16 ሚሊዮን፣ ዐሥራ ሁለት ወር የሞላው የ2016 ገቢ ደግሞ 24 ሚሊዮን ይሆናል። ሠንጠረዡ 50 በመቶ ዕድገት ያሳያል፤ ወርኃዊው ገቢ ግን አንዲት ዶላር እንኳ አልጨመረም። ስለዚህ ከኅዳር እስከ ሰኔ ያለውን ከአቻው ወራት ጋር ማነጻጸር ይገባል።

ከዚህ ሁሉ የሚከፋው ግን ያልታወቀውን ዜሮ ማድረግ ነው። በ2013 ዓ.ም. የተካሄደው የግብርና ናሙና ጥናት በጦርነቱ ምክንያት ትግራይን አላካተተም። በዚያ ረድፍ ዜሮ ቢጻፍ ሠንጠረዡ የክልሉ ምርት በ100 በመቶ ወደቀ ብሎ በሐሰት ይመሰክራል። ኤክሴል ደግሞ በስሌት ጊዜ ባዶውን ሳጥን እንደ ዜሮ ስለሚቈጥረው፣ ጸሐፊው ምንም ሳይጽፍ ቢተወው እንኳ ያው -100 በመቶ ይወጣል፤ የስሕተት ምልክት ስለማይታይም ስሕተትን ብቻ የሚሸፍነው IFERROR አይይዘውም። ስለዚህ ቀመሩ አስቀድሞ ሁለቱም ሳጥኖች ቁጥር መያዛቸውን፣ ቀጥሎም የአምናው ዜሮ አለመሆኑን መጠየቅ አለበት፤ የአምናው በB2፣ የዘንድሮው በC2 ቢሆን፦

```
=IF(COUNT(B2:C2)<2,"–",IF(B2=0,"–",(C2-B2)/ABS(B2)))
```

ABS የገባው፣ አምና ኪሳራ ዘንድሮ ትርፍ የሆነ እንደ ሆነ የምልክቱ አቅጣጫ እንዳይገለበጥ ነው፤ ሆኖም ከኪሳራ የተነሣ መቶኛ ትርጉሙ ደካማ ስለ ሆነ በእኔ አስተያየት እዚያም ሰረዝ ይሻላል።

ሰረዙ ራሱ ግን ማብራሪያ ይሻል። በዓለም ገንዘብ ድርጅት ሠንጠረዦች ሰረዝ የሚቆመው ለዜሮ ወይም ለኢምንት ሲሆን፣ ላልተገኘ መረጃ የሚቆሙት ሦስት ነጥቦች ናቸው፤ ይህን የለመደ አንባቢ የእኛን ሰረዝ «ምንም አልተመረተም» ብሎ ሊያነበው ይችላል። ከሠንጠረዡ ግርጌ «– መረጃ ያልተገኘ ወይም ሊሰላ የማይችል» የሚል አንድ መሥመር ይጻፍ፤ ሁለቱን ምክንያቶች ለመለየት የፈለገ ደግሞ ከዜሮ ለተነሣው «አዲስ» የሚለውን ቃል ቢያኖር መልካም ነው።

የድምሩ ረድፍ ግን ሰረዙ የማይደርስበት ስፍራ ነው። ከክልሎች በአንዱ ሰረዝ የተጻፈበት ሠንጠረዥ ከታች የአገሪቱን ድምር ዕድገት ያለ አንዳች ምልክት ሊያትም ይችላል፤ የ2012ቱ ድምር ትግራይን ጨምሮ፣ የ2013ቱ ግን ሳይጨምር፤ እንዲህ የተገኘው መቶኛም የምርቱን ለውጥ ከክልሉ መጉደል ጋር ያቀላቅላል። ለንጽጽሩ የ2012ቱ ድምር ያለ ትግራይ እንደ ገና ተሰልቶ፣ ድምሩ በሁለቱም ዓመታት የተቈጠሩትን ክልሎች ብቻ የያዘ መሆኑ ከረድፉ ስም አጠገብ ይጻፍ።