አስረከብኩ ወይስ ተረከብኩ?

መራዊ ላይ፣ የባሕር ዳሩ መንገድ ዳር ባለች ጠባብ ክፍሌ የዐረብኛ ወረቀት ወደ አማርኛ እመልሳለሁ። ብዙዎቹ ደንበኞቼ ከሳዑዲ የተመለሱ እህቶች ናቸው። በቀደም አንዷ ባለ ሁለት መስመር ወረቀት ዘርግታ፣ «ጋሼ፣ ልመለስ ስል ያስፈረሙኝ ነው፤ ምን ብዬ ፈርሜ ይሆን?» አለችኝ።

ወረቀቱ «ፓስፖርቴንና ደመወዜን ‹ኢስተለምቱ›፤ ኢቃማውን ለአሠሪዬ ‹ሰለምቱ›» ይላል። ሁለቱም ግሦች ከአንድ ሥር፣ ከሰ-ለ-መ ይወጣሉ። «ሰላም»ም «እስልምና»ም የዚያው ሥር ልጆች ናቸው።

በመጀመሪያ «ሰለምቱ»ን ያዝኩ። ዐረቦች በተራ ጽሑፍ አጭር አናባቢም ማጥበቂያም አብዛኛውን ጊዜ አይጽፉም፤ እኛስ ብንሆን «ገና» ስንጽፍ መች እናጠብቃለን? መካከለኛዋ ፊደል ከላላች «ዳንኩ» ነው፤ ከጠበቀች ደግሞ አድራጊ ይሆንና «አስረከብኩ» ይላል። መንገዱን የምታሳየኝ ቀጥላ የምትመጣው መስተዋድድ ናት። «ሚን» (ከ) ብትከተል ከአንድ ነገር መትረፍ ነው፤ «ዐላ» (ላይ) ብትከተል ሰላምታ መስጠት ነው፤ «ኢላ» (ወደ) ብትከተል ማስረከብ ነው። እዚህ ያለችው «ኢላ» ናት። ስለዚህ ኢቃማውን አስረክባለች።

«ኢስተለመ» ደግሞ የጀማሪ ወጥመድ ነው። ሥራውን ስጀምር እንደ ግእዙ «አስተ-» ያለ ቅጥያ መስሎኝ፣ «ኢስተ»ን ቆርጬ መዝገበ ቃላቱን በ«ለመ» ስፈልግ አመሸሁ። የዐረብኛ መዝገበ ቃላት የሚገለጠው በሥር ነውና ከዚያ ምን ይገኛል! «ሰ» የሥሩ ፊደል ናት፤ የገባችው «ተ» ብቻ ናት፣ ድርጊቱን ወደ አድራጊው የምትመልሰዋ። እውነተኛው ባለ «ኢስተ» ግሥ «ኢስተስለመ» ነው፤ ትርጉሙም «እጁን ሰጠ»። አንዲት «ሰ» ከተጨመረች ደመወዝ የተቀበለችው ሴት እጅ ሰጪ ትሆናለች።

አማርኛችን ለዚህ የተመቸ ነው። «ረከበ» በግእዝ «አገኘ» ነበር፤ ዛሬ ለብቻው ባንናገረውም «አስረከበ» እና «ተረከበ» ልክ እንደ «ሰለመ»ና «ኢስተለመ» ፊት ለፊት ይቆማሉ። ግን «ተረከብኩ» ልበል ወይስ «ተሰጠኝ»? ሁለተኛው ለጆሮ ይለሰልሳል፤ ነገር ግን ተደራጊ ነውና ቃሉን ከፈራሚዋ አፍ ያወጣዋል። ዐረብኛው አድራጊ ያደረገው እሷን ነው፤ የተቀበልኩት እኔ ነኝ እያለች ነው። «ተረከብኩ» ብዬ ጻፍኩ።

ሳነብላት ፊቷ ተለወጠ። «የሁለት ወሩን ደመወዝ እኮ አልተረከብኩም!»

«እህቴ፣ እኔ የምመልሰው ወረቀቱ ያለውን ነው» አልኳት። ያልተከፈላትን በራሷ ቃል በሌላ ወረቀት ጻፍንላትና ከትርጉሙ ጋር አያያዝነው። እዚያ ላይ የተጻፈው «አልተረከብኩም» ነው።