ቀድሞ መጀመር ወይስ ብዙ መቆጠብ? የተደራራቢ ወለድ ስሌት በአቃቂ በሰቃ ሠራተኞች ምሳሌ

በአዲስ አበባ ደቡባዊ ጫፍ ወደ ቢሾፍቱ በሚወስደው መንገድ ላይ የሚገኘው አቃቂ በሰቃ የፋብሪካ አካባቢ ነው። ደመወዝ በየወሩ ይገባል፤ የቤት ኪራይ፣ የትራንስፖርትና የአስቤዛ ወጪ ከተሸፈነ በኋላ የሚተርፈው ግን አብዛኛውን ጊዜ ጥቂት ነው። በዚህም ምክንያት ብዙ ሠራተኞች ቁጠባን ደመወዝ እስኪያድግ ድረስ ያቆዩታል። ይህ ጽሑፍ የመዘግየቱን ዋጋ በቁጥር ያሳያል፤ ስሌቱ የማይሠራበትንም ሁኔታ ያመለክታል።

ወለድ እንዴት ይደራረባል?

አንድ ሰው 10,000 ብር በ7 በመቶ ዓመታዊ ወለድ ቢያስቀምጥ በዓመቱ መጨረሻ 700 ብር ወለድ ያገኛል። በየዓመቱ ወለዱን እያወጣ ከተጠቀመበት ዋናው ገንዘብ ባለበት ይቆያል፤ ወለዱም ሁልጊዜ 700 ብር ነው። በ30 ዓመት ውስጥ የሚያገኘው ወለድ 21,000 ብር ሲሆን፣ ከዋናው ገንዘብ ጋር 31,000 ብር ይሆናል። ይህ ነጠላ ወለድ ይባላል።

ወለዱ ሳይወጣ በሂሳቡ ውስጥ ከቆየ ግን በሁለተኛው ዓመት ወለድ የሚታሰበው በ10,700 ብር ላይ ነው። የሁለተኛው ዓመት ወለድ 749 ብር ይሆናል፤ ጠቅላላው ገንዘብም 11,449 ብር ይደርሳል። በዚህ አኳኋን ወለዱ ራሱ ወለድ ያፈራል፤ ተደራራቢ ወለድ የሚባለውም ይህ ነው። ከ30 ዓመት በኋላ ያው 10,000 ብር 76,123 ብር ገደማ ይሆናል።

እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው ዕድገቱ መቼ እንደሚመጣ ነው። በመጀመሪያዎቹ 10 ዓመታት የሚገኘው ወለድ 9,672 ብር ገደማ ነው። በሁለተኛዎቹ 10 ዓመታት 19,025 ብር፣ በሦስተኛዎቹ 10 ዓመታት ደግሞ 37,426 ብር ይሆናል። የወለዱ መጣኔ አልተለወጠም፤ የተለወጠው ወለድ የሚታሰብበት ገንዘብ መጠን ነው። ስለሆነም ዘግይቶ የጀመረ ቆጣቢ የሚያጣው ትንሽ ወለድ የሚገኝባቸውን የመጀመሪያ ዓመታት አይደለም። ለእርሱ የመጨረሻዎቹና ከፍተኛው ወለድ የሚገኝባቸው ዓመታት ሳይደርሱ የጡረታ ጊዜው ይመጣል።

የሁለት ሠራተኞች ምሳሌ

በአንድ ፋብሪካ የሚሠሩ ሁለት ሠራተኞች በ60 ዓመታቸው ጡረታ ይወጣሉ እንበል። የመጀመሪያዋ ሠራተኛ በ30 ዓመቷ ጀምራ በወር 500 ብር ትቆጥባለች። ሁለተኛው ሠራተኛ ደመወዙ እስኪሻሻል ቆይቶ በ45 ዓመቱ ይጀምርና በወር 1,000 ብር ይቆጥባል። የእርሷ 30 ዓመት፣ የእርሱም 15 ዓመት ሲታሰብ ሁለቱም ከደመወዛቸው ያስቀመጡት ገንዘብ እኩል 180,000 ብር ነው።

ስሌቱን ለማቅለል የወለድ መጣኔው በሙሉ ጊዜው 7 በመቶ እንደሆነና የየዓመቱ ቁጠባ በዓመቱ መጨረሻ እንደገባ ተወስዷል። በዚህ መሠረት የመጀመሪያዋ ሠራተኛ ጡረታ ስትወጣ 566,765 ብር ገደማ ይኖራታል። ሁለተኛው ሠራተኛ ግን በየወሩ የእርሷን እጥፍ ቢቆጥብም የሚኖረው 301,548 ብር ገደማ ነው። እርሷ የደረሰችበት ለመድረስ በየወሩ 1,880 ብር ያህል፣ ማለትም ከእርሷ አራት እጥፍ ሊጠጋ የሚችል ገንዘብ መቆጠብ ነበረበት።

የመጀመሪያዋ ሠራተኛ በ45 ዓመቷ መቆጠብ ብታቆም፣ ነገር ግን የተጠራቀመውን ሳትነካ እስከ ጡረታ ብታቆየው ደግሞ 415,990 ብር ገደማ ይኖራታል። ይህን ያገኘችው 90,000 ብር ብቻ አስቀምጣ ነው፤ እርሱ ካስቀመጠው በግማሽ ያንሳል። በተቃራኒው በ45 ዓመቷ የተጠራቀመውን 150,774 ብር ለሠርግ ወይም ለሌላ ጉዳይ አውጥታ በወር 500 ብር መቆጠቧን ብትቀጥል፣ በጡረታዋ ጊዜ የሚጎድልባት ያወጣችው ብቻ ሳይሆን 415,990 ብር ይሆናል። ለድንገተኛ ወጪ የሚሆን ገንዘብ በተለየ ሂሳብ መያዝ የሚመከረው በዚህ ምክንያት ነው።

ስሌቱ የሚዛባበት ሁኔታ

በምሳሌው የተወሰደው 7 በመቶ ከእውነታው የራቀ አይደለም። የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ በ2010 ዓ.ም. መጀመሪያ ባንኮች ለቁጠባ የሚከፍሉትን ዝቅተኛ ወለድ ከ5 በመቶ ወደ 7 በመቶ ከፍ አድርጎ ነበር። ሆኖም በ2014 ዓ.ም. የዋጋ ንረቱ ከ30 በመቶ በላይ ደርሷል። በእንዲህ ያለ ጊዜ በደብተሩ ላይ ያለው ቁጥር ቢያድግም ገንዘቡ የሚገዛው ዕቃ ይቀንሳል። ሁኔታው ለረጅም ጊዜ ከቀጠለ ይበልጥ የሚጎዳው ቀድሞ የተቀመጠው ብር ነው፤ ብዙ የዋጋ ጭማሪ ያለፈበት እርሱ ነውና።

ስለዚህ ቀድሞ መጀመር በእርግጥ የሚጠቅመው ወለዱ ከዋጋ ንረቱ በላይ ሲሆን ነው። ቆጣቢው ይህን ለማወቅ የሚያገኘውን ወለድ በወቅቱ ከሚገለጸው ዓመታዊ የዋጋ ንረት ጋር ማነጻጸር ይኖርበታል። ወለዱ የሚያንስ ከሆነ ገንዘቡን በተራ ቁጠባ ብቻ ከማቆየት ይልቅ ለተወሰነ ጊዜ በማይነሳ የጊዜ ገደብ ተቀማጭ ምን ያህል ወለድ እንደሚከፈል ባንኩን መጠየቅ፣ እንዲሁም በመሥሪያ ቤቱ ወይም በአካባቢው ያለ የቁጠባና ብድር ኅብረት ሥራ ማኅበር ለአባላቱ የሚከፍለውን መጠየቅና ማነጻጸር ይችላል። ዕቁብ ገንዘብን በአንድ ጊዜ ለማግኘት የሚረዳ ቢሆንም ወለድ ስለማያፈራ ከላይ የተገለጸው ስሌት አይመለከተውም።

ሂሳብ ሲከፈት የሚጠየቁ ጉዳዮች

ተገልጋዮች ሂሳብ ከመክፈታቸው በፊት ሦስት ነገሮችን ማረጋገጥ ይገባቸዋል። የመጀመሪያው ወለዱ በየስንት ጊዜው ከዋናው ገንዘብ ጋር እንደሚደመር ነው፤ በየወሩ የሚደመር ወለድ በዓመት አንድ ጊዜ ከሚደመረው ጥቂት ይበልጣል። ሁለተኛው ወለዱ በዕለታዊ ቀሪ ሂሳብ ወይስ በወሩ ውስጥ በታየው ዝቅተኛ ቀሪ ሂሳብ እንደሚታሰብ ነው። በዝቅተኛው የሚታሰብ ከሆነ በወሩ አጋማሽ ላይ ለጥቂት ቀናት ብቻ የወጣ ገንዘብ የወሩን ወለድ ይቀንሳል። ሦስተኛው ከወለዱ ላይ የሚቀነሰው ግብር ነው፤ በእጅ የሚገባው ወለድ ከተነገረው መጣኔ በመጠኑ የሚያንሰው በዚህ ምክንያት ነው።

ሂሳቡ ከተከፈተ በኋላ የወለድ መደረብን በቁጠባ ደብተሩ ወይም በሂሳብ መግለጫው ላይ መከታተል ይቻላል። ገንዘብ ሳይወጣና መጣኔው ሳይለወጥ እያንዳንዱ የተመዘገበ ወለድ ተመሳሳይ ቀናት ካሉት ከቀደመው ጊዜ ወለድ ከፍ ማለት አለበት። ወለዱ ሳያድግ ከቀረ ምክንያቱን ደብተሩን ይዞ ሂሳቡ የተከፈተበትን ቅርንጫፍ መጠየቅ ይገባል።