ሃምሳውን ያጨለመች አንዲት አምፖል

በዋሽንግተንና በአካባቢዋ ባሉ ብዙ ኢትዮጵያውያን ቤቶች የገና ዛፍ ሁለት በዓል ያያል። ጎረቤቶቻቸው የሚያከብሩት ገና በኛ አቆጣጠር ታኅሣሥ 16 ቀን ይውላል፤ የራሳቸው ደግሞ ታኅሣሥ 29 ነው። መብራቱ ከሌላው ቤት ሁለት ሳምንት ያህል ይበልጥ ይሠራል ማለት ነው። በነዚህ ተጨማሪ ቀናት ዛፉ ላይ ከተጠመጠመው ባለ 100 አምፖል መብራት ልክ ግማሹ ድንገት ድርግም ቢልና ሌላው ግማሽ ምንም እንዳልሆነ ቢቀጥል፣ የመጀመሪያው ሐሳብ መብራቱን አውጥቶ መጣል ይሆናል። የተበላሸችው ግን አብዛኛውን ጊዜ አንዲት አምፖል ብቻ ናት። እሷን ለማግኘት ደግሞ ሃምሳውንም አንድ በአንድ መንቀል አያስፈልግም።

ለምን ግማሹ ብቻ? አሜሪካ ውስጥ የግድግዳ ሶኬት የሚሰጠው 120 ቮልት ነው። የሩዝ ፍሬ የምታክለው የጌጥ አምፖል የምትችለው ደግሞ 2.5 ቮልት አካባቢ ነው። ለእያንዳንዷ አምፖል ቮልት የሚቀንስ መሣሪያ ከማበጀት ይልቅ ፋብሪካው 50 አምፖሎችን በአንድ ሽቦ ላይ በተከታታይ፣ የኤሌክትሪክ ሠራተኞች በሲሪየስ እንደሚሉት፣ ያያይዛቸዋል። 120 ቮልቱ ለሃምሳ ሲካፈል ለእያንዳንዷ 2.4 ይደርሳታል። ባለ 100 የሚባለው መብራት እንግዲህ እንዲህ ያሉ ሁለት ሃምሳዎች በአንድ ስፒና ስር ተጣምረው ነው። በእያንዳንዱ ሃምሳ ውስጥ ኤሌክትሪኩ ያለው መንገድ አንድ ብቻ ስለሆነ፣ መንገዱ አንድ ቦታ ላይ ከተቆረጠ ሃምሳውም ይጨልማሉ። ሌላው ሃምሳ የራሱ መንገድ ስላለው አይነካም።

ግማሹ መብራቱ በራሱ ብዙ ይናገራል። ስፒናው ደህና ነው፣ በስፒናው ውስጥ ያሉት ትንንሽ ፊውዞችም አልተቃጠሉም። መቶውም ቢጠፉ ኖሮ መጀመሪያ መታየት ያለበት ፊውዙ ነበር፤ የስፒናው ትንሽ ክዳን ስትንሸራተት ይገኛል፣ በዚያው ልክ መተካትም ይቻላል። ግማሹ ከበራ ግን ፊውዙን መፍታት ጊዜ ማባከን ነው።

ፋብሪካዎቹ ይህን ችግር አላጡትም። እ.ኤ.አ. ከ1920ዎቹ ጀምሮ ለአሥርት ዓመታት በአሜሪካ ቤቶች የተለመደው የገና መብራት ባለ 15 ቮልት 8 አምፖሎች በተከታታይ የተያያዙበት ነበር። አንዷ ስትቃጠል ስምንቱም ይጠፋሉ። ባለቤቱ ደህና መሆኗን ያወቃትን አምፖል ይዞ ከመጀመሪያዋ እስከ ስምንተኛዋ በየተራ ይተካል፤ ስምንት ጊዜ ቢበዛ ነው። አምፖሎቹ አነስ ብለው ቁጥራቸው ሃምሳ ሲደርስ ግን ይህ ዘዴ አሰልቺ ሆነ። መፍትሔው በአምፖሏ ሆድ ውስጥ ተቀመጠ።

አንዷን አምፖል ወደ ብርሃን ጠጋ አድርጎ ለሚያይ ሰው፣ በመስታወቱ ውስጥ ሁለት ቀጫጭን ምሰሶዎች ቆመዋል። ጫፋቸው ላይ የሚያበራው ፊላመንት ተዘርግቷል። ዝቅ ብሎ፣ ከሥሩ አጠገብ፣ ሁለቱን ምሰሶዎች የሚያያይዝ ፀጉር የመሰለ ሽቦ ተጠምጥሟል። ይህ ሸንት ይባላል። ላዩ ኤሌክትሪክ በማያስተላልፍ ስስ ኦክሳይድ የተሸፈነ ስለሆነ በደህናው ጊዜ ሥራ የለውም፤ 2.4 ቮልት ያንን ሽፋን መብሳት አይችልም። ፊላመንቱ በተቆረጠባት ቅጽበት ግን ነገሩ ይለወጣል። መንገዱ ሲዘጋ ሌሎቹ አርባ ዘጠኝ አምፖሎች ቮልት መካፈላቸውን ያቆሙና 120 ቮልቱ በሙሉ በተቆረጠችው አምፖል ሁለት ምሰሶዎች መካከል ይከማቻል። ያን ጊዜ የሸንቱ ሽፋን ይበሳል፣ ሽቦው ከምሰሶዎቹ ጋር ይገናኛል፣ ኤሌክትሪኩም በእሱ በኩል ያልፋል። አንዷ ትሞታለች፣ አርባ ዘጠኙ መብራታቸውን ይቀጥላሉ።

ታዲያ ሸንት እያለ ሃምሳው ለምን ይጨልማል? አንድም ሸንቱ ሳይነሣ ቀርቷል፤ ሽፋኑ ወፍሮ ወይም ሽቦው ከምሰሶው ላልቶ ይሆናል። አለዚያም ችግሩ ከአምፖሏ ውጭ ነው። ከእያንዳንዷ አምፖል የፕላስቲክ መቀመጫ ሥር ሁለት የመዳብ ሽቦዎች ወጥተው ወደ ጎንና ጎን ታጥፈዋል፤ በመያዣው ውስጥ ያሉትን የናስ ቅጠሎች የሚነኩት እነሱ ናቸው። አምፖሏ ከላላች፣ ከወደቀች፣ አንዱ ሽቦ ከተጠማዘዘ ወይም ናሱ ውጭ ከርሞ አረንጓዴ ዝገት ከያዘ፣ ሸንቱ ራሱ ከመንገዱ ውጭ ስለሆነ ሊረዳ አይችልም።

ስለዚህ ፍለጋው በዓይንና በጣት ይጀምራል። ስፒናው ተነቅሎ በጨለመው ግማሽ ላይ እያንዳንዷን አምፖል በቀስታ ወደ ውስጥ መጫን፣ ባዶ መያዣ ወይም የተሰበረ መስታወት መፈለግ። የላላች አምፖል ከሆነች ሥራው እዚያው ያልቃል።

ካልሆነ፣ ከሁሉ የሚሻለው መሣሪያ ሽቦ ሳይነካ ኤሌክትሪክ መኖሩን የሚያውቅ የብዕር ቅርጽ ያለው ቴስተር ነው። ፌዝ ያለበት ነገር አጠገብ ሲደርስ ይጮኻል ወይም ይበራል። እኛ አገር በየቤቱ የሚገኘው የካቻቢቴ ቅርጽ ያለው ቴስተር እርቃኑን ብረት መንካት ስላለበት ለዚህ ሥራ አይሆንም። የብዕሩ ጥቅም ከላይ በተባለው ነገር ላይ ቆሟል፦ መንገዱ ሲቆረጥ ከፌዙ እስከ መቆረጫው ያለው ሽቦ ሁሉ ሕይወት አለው፣ ከመቆረጫው ወዲያ ያለው የለውም። አንድ ቦታ ላይ ጩኸቱ ይቆማል።

ከስፒናው በኩል ያሉት ሃምሳ አምፖሎች ጠፍተዋል እንበል። መብራቱ ዛፉ ላይ እንዳለ ይሰካል። መጀመሪያ የመጀመሪያዋ አምፖል አጠገብ ቴስተሩን ማስጠጋት ያሻል። ከጮኸ ፌዙ ከዚህ ጫፍ ይመጣል ማለት ነው፤ ዝም ካለና ሃምሳኛዋ ላይ ከጮኸ ቆጠራው ከዚያኛው ጫፍ ይጀምራል። ከዚያ አንዷን ትቶ ወደ ሌላዋ መሄድ ሳይሆን መሐል ለመሐል መክፈል ነው። ሃያ አምስተኛዋ ላይ ይጮኻል፤ ስለዚህ ችግሩ ከፊት ነው። ሠላሳ ስምንተኛዋ ላይ ዝም ይላል። ሠላሳ ሁለተኛዋ ላይ ይጮኻል፣ ሠላሳ አምስተኛዋ ላይ ዝም፣ ሠላሳ ሦስተኛዋ ላይ ይጮኻል፣ ሠላሳ አራተኛዋ ላይ ዝም። በስድስት ጊዜ ልኬት ከሃምሳ አምፖል ሁለት ተጠርጣሪዎች ቀሩ፦ የመጨረሻዋ የጮኸችውና ከእሷ ቀጥላ ዝም ያለችው። ስፒናውን ነቅሎ ሠላሳ ሦስተኛዋን በመጠባበቂያ መተካት፣ ሰክቶ ማየት። ካልበራ ነቅሎ ሠላሳ አራተኛዋን።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት አንድ ነገር አለ። በመብራቱ ርዝመት ከአምፖል ወደ አምፖል ከሚሄደው ሽቦ ጎን፣ ለቀጣዩ መብራት ኤሌክትሪክ የሚያደርሱ ሌሎች ሽቦዎች ተጠምጥመው ያልፋሉ። ከነሱ አንዱ ሁልጊዜ ፌዝ ይዟል። ቴስተሩ ሽቦዎቹ ላይ ከተጠጋ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ይጮኻል፣ ሰውም መሣሪያው አይሠራም ብሎ ይተወዋል። መፍትሔው አምፖሏን ከሽቦው ጥቅል ጥቂት ሴንቲሜትር አራቆ የመስታወቷን ጫፍ መለካት ነው።

ይህ ዘዴ በየተራ ከመተካት የሚበልጥበት ሌላ ምክንያትም አለው። ሁለት አምፖሎች በአንድ ላይ ሞተው ከሆነ፣ አንዲት ደህና አምፖል ይዞ በሃምሳው መያዣ ሁሉ ቢዞሩ መብራቱ አይበራም፤ አንዷ ስትተካ ሌላዋ መንገዱን እንደዘጋች ናት። በቴስተሩ ግን የመጀመሪያዋ መቆረጫ ስትጠገን ሕይወቱ እስከ ሁለተኛዋ ይዘልቃል፣ ጩኸቱም አዲስ ቦታ ላይ ይቆማል።

በአሜሪካ መደብሮች ሽጉጥ የሚመስል ሌላ መሣሪያም ይሸጣል። በውስጡ እንደ ጋዝ መለኮሻ ቀጭ ሲል ብልጭታ የሚሰጥ ክሪስታል አለ። አንዷ አምፖል ተነቅላ መያዣው በመሣሪያው ላይ ይሰካና ቃታው ደጋግሞ ሲሳብ፣ ከፍተኛ ቮልት ያለው አጭር ምት ያልተነሣውን ሸንት ይበሳዋል። ከተሳካ አርባ ዘጠኙ ይበራሉ፣ የሞተችውም ጨልማ ራሷን ታሳያለች። የላላ አምፖልን ወይም የዛገ ናስን ግን አይፈታም።

የበራው መብራት ላይ የሞተችውን አምፖል መተው አይገባም። አንዷ ስትሞት የእሷ ድርሻ ለቀሩት ይከፋፈላል። አምስት ከሞቱ ለእያንዳንዷ 2.4 ሳይሆን 2.67 ቮልት ይደርሳታል፤ አሥር ከሞቱ 3 ቮልት። የዚህ ዓይነት አምፖል ቮልት በ5 በመቶ ብቻ ሲጨምር ዕድሜው ወደ ግማሽ ገደማ ይወርዳል። መጨረሻ ላይ በተከታታይ ሲያልቁ የሚታዩት ለዚህ ነው። መጠባበቂያዋ ደግሞ ትክክለኛዋ መሆን አለባት፤ ከባለ 35 መብራት የተነቀለች አምፖል ባለ 3.5 ቮልት ስለሆነች ለባለ 50 አትሆንም፣ ብትገጥምም።

እዚህ የተባለው ሁሉ ፊላመንት ላለው አምፖል ነው። በአዳፕተር የሚሠሩ የኤልኢዲ መብራቶች ቮልታቸው ዝቅተኛ ስለሆነ ብዕሩ አይሰማቸውም።

ኢትዮጵያ ውስጥ ግድግዳው የሚሰጠው 220 ቮልት ስለሆነ በአንድ ተከታታይ የሚያያዙት አምፖሎች ወደ መቶ ይጠጋሉ፤ መሐል ለመሐል መክፈሉ ሰባት ጊዜ ቢወስድ ነው። አደጋው ግን ይበልጣል። አምፖሏ በተነቀለችበት ባዶ መያዣ ውስጥ ያለው 2 ቮልት አይደለም፣ የግድግዳው ቮልት በሙሉ ነው፤ ጣት ወይም ካቻቢቴ የገባበት ሰው ኮረንቲ ይይዘዋል። ቴስተሩን ለማስጠጋት ይሰካ፤ አምፖል ለመንቀል ግን ሁልጊዜ መጀመሪያ ስፒናው ይነቀል። የሽቦው ልባስ የተሰነጠቀ ወይም መያዣው የቀለጠ መብራት ከሆነ ደግሞ የሞተችውን አምፖል መፈለግ ትተው መብራቱን ያስወግዱት።