የሰው ነጠላ በራስ መዝገብ

ሰኔ 30 ማታ ነው እንበል። ሽሮ ሜዳ ያለች አንዲት የባህል ልብስ ነጋዴ በሯን ዘግታ ለዓመቱ መዝጊያ ዕቃ ትቆጥራለች። መደርደሪያው ላይ ጥበብ ያላቸው 8 ነጠላዎች ተጣጥፈው ተቀምጠዋል። እያንዳንዱን በ2,400 ብር አስልታ፣ ድምሩን 19,200 ብር ብላ ከክምችቷ ጋር ጻፈችው። ነጠላዎቹ ግን የእሷ አይደሉም።

ግንቦት ላይ አንድ ሸማኔ 20 ነጠላ አምጥቶ «እትዬ፣ ሲሸጥ ይሰጡኛል። ለኔ 2,400 ይበቃኛል፤ በላዩ ያለው የእርስዎ ነው» ብሏት ነበር። እሷም በ3,000 ብር ሂሳብ 12ቱን ሸጠች። ለሸማኔው 28,800 ብር ይደርሰዋል፤ ለእሷ ደግሞ ከእያንዳንዱ 600፣ በድምሩ 7,200 ብር ኮሚሽን። እስከዚህ ድረስ መዝገቧ ልክ ነው። ጥፋቱ የመጣው ከቆጠራው ነው።

የተሸጠ ዕቃ ወጪ የሚገኘው ከዓመቱ መነሻ ክምችትና ከግዢ ድምር ላይ በመጨረሻ የተቆጠረው ተቀንሶ ነው። ስለዚህ መጨረሻ ላይ በስህተት የገባ 19,200 ብር ወጪውን በዚያው ልክ ያሳንሳል፣ ትርፉን በዚያው ልክ ያሳብጣል። ሱቁ ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር ከሆነ የትርፍ ግብሩ 30 በመቶ በመሆኑ፣ ላልተገኘ ትርፍ 5,760 ብር ይከፈላል። ሐምሌ ላይ ሸማኔው መጥቶ ያልተሸጡትን 8 ነጠላዎች ሲወስድ ደግሞ የአዲሱ ዓመት መዝገብ ያልነበረ ዕቃ የጠፋ ያስመስላል። ሠራተኛ በከንቱ የሚጠረጠረውም እንዲህ ባለ ጊዜ ነው።

ሌላው ስህተት ይበልጥ ተንኮለኛ ነው፤ ትርፉን ስለማይነካ ማንም አያየውም። ባለሱቋ ነጠላዎቹ ሲገቡ እንደ ግዢ፣ ሲሸጡም 36,000 ብሩን በሙሉ እንደ ሽያጭ ገቢ ብትመዘግብ፣ ከ36,000 ላይ 28,800 ሲቀነስ ያው 7,200 ይቀራል። ገቢዋ ግን አምስት እጥፍ ሆኖ ይታያል። በሰነዱ ላይም የሌላት የ19,200 ብር ክምችትና የሌለባት የ19,200 ብር ዕዳ ጎን ለጎን ይቀመጣሉ። ብድር የጠየቀችው ባንክ ይህን ሰነድ አይቶ የሚያስበው ሱቅና እውነተኛው ሱቅ አይገናኙም።

ታዲያ ዕቃው የማን መሆኑ በምን ይለያል? መደርደሪያው ላይ መቀመጡ ምንም አይነግረንም። ነጠላው ባይሸጥ ኪሳራው የማን ነው? ሸማኔው መልሶ መውሰድ ይችላል? ባለሱቋ ገዢ ሳይመጣ የመክፈል ግዴታ አለባት? ሸማኔው መውሰድ ከቻለና እሷም ከሽያጭ በፊት ዕዳ ከሌለባት፣ ዕቃው በአደራ ያለ ነው። «ባይሸጥም በወሩ መጨረሻ ትከፍያለሽ» ከተባለ ግን ይህ በዱቤ መግዛት ነው፤ ከገባበት ቀን ጀምሮ የእሷ ክምችትና የእሷ ዕዳ ይሆናል። በአዋጅ ቁጥር 847/2006 መሠረት ኢትዮጵያ የተቀበለችው ዓለም አቀፍ የፋይናንስ ሪፖርት አቀራረብ ደረጃም መለያ የሚያደርገው ይህንኑ ነው።

አሠራሩ ከባድ አይደለም። በአደራ የገባ ዕቃ በዋናው ሂሳብ ላይ አይነሳም፤ የሚጻፈው ለብቻው በተያዘ የአደራ ደብተር ነው፦ የገባበት ቀን፣ ባለቤቱ፣ የተስማሙበት ዋጋ፣ የተሸጠው፣ የተመለሰው፣ የቀረው። ዕቃው ላይ የተለየ ቀለም ያለው ክር ወይም ቁራጭ ወረቀት ማሰር የቆጠራውን ቀን ያቀላል። አንዱ ነጠላ በ3,000 ሲሸጥ ገንዘቡ ለሁለት ይከፈላል፤ 2,400 ለሸማኔው ተከፋይ፣ 600 የኮሚሽን ገቢ። ኮሚሽኑ የሚመዘገበው በሽያጩ ቀን ነው። ሸማኔው ድርሻውን ሊወስድ ሲመጣ የሚዘጋው ዕዳው ብቻ ነው፤ አዲስ ገቢ የለም። መሸጫ ማሽኑ የሚያትመው ድምርና የኮሚሽን ሂሳቡ ስለማይገጥሙ ልዩነቱን ከደብተሩ ጋር በየወሩ ማስታረቅ ያስፈልጋል። የተጨማሪ እሴት ታክሱ አያያዝ የራሱ ደንብ ስላለው ለብቻው ይታያል።

ጭቅጭቅ የሚነሳው አስቀድሞ ባልተነገረው ላይ ነው። ባለሱቋ ለደንበኛ 300 ብር ብትቀንስ፣ በዚህ ስምምነት የሸማኔው 2,400 አይነካም፤ የእሷ 600 ወደ 300 ይወርዳል። ኮሚሽኑ 20 በመቶ ተብሎ ቢሆን ኖሮ ግን ከ2,700 ላይ 540 ለእሷ፣ 2,160 ለእሱ ይደርስ ነበር። ለሸማኔው ብላ በስምምነት ያወጣችው የመተኮሻ ገንዘብ የሱቁ ወጪ ሳይሆን ከድርሻው የሚቀነስ ነው። በመተኮሻ ያቃጠለችው ነጠላ ግን፣ ጥፋቱ የእሷ ስለሆነ፣ ባይሸጥም 2,400 ብሩ ዕዳዋ ነው፤ በኪሳራ ይመዘገባል፣ ከአደራ ደብተሩም ይሰረዛል።